ካሜራ ሲከፈት የሚጠፋ ስልክ፦ ፀሐዩ ነው ወይስ ባትሪው?

ስልክ ግሎ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ፀሐይን ይወቅሳል። ቆላ ወሎ ለሚኖር ሰው ይህ ግምት የሚያስገርም አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ፣ ወይም ወደ ባቲ ሲወረድ፣ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ይሞቃል። በቃሉ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች በሰብል ባለሙያነት ስሠራ ስልኬ ማሳ መካከል እየጠፋ ሲያስቸግረኝ ከየአቅጣጫው የሰማሁት ምክር ስለ ፀሐይ ነበር። ነገሩን እየመዘገብኩ ስከታተለው ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ችግሮች መሆናቸውን አየሁ። አንደኛው ስልኩ ከመጠን በላይ ስለሞቀ ራሱን ለማዳን የሚዘጋበት ነው። ሁለተኛው ባትሪው ከመድከሙ የተነሳ ካሜራው በአንድ ጊዜ የሚጠይቀውን ኃይል ማቅረብ አቅቶት የሚጠፋበት ነው። ለአንዱ የሚበጀው ነገር ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ ለጥገና ገንዘብ ከማውጣት በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ መለየቱም ቤት ውስጥ የሚቻል ነው።

ሥራዬ ፎቶ ይበዛበታል። ማሽላ ላይ አገዳ ቆርቁር ወይም መጤ ተምች ሲታይ ትሉ የሚደበቀው ገና በተጠቀለለው የቅጠል እምብርት ውስጥ ነው። ቦታው በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ጨለማ ስለሆነ ያለ ፍላሽ አይነሳም። ስለዚህ ካሜራና ፍላሽ አብረው ይሠራሉ፤ የስልኩ ስክሪን በፀሐይ ውስጥ እንዲታይ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጋል፤ ዳታውና ቦታ ጠቋሚውም ክፍት ናቸው። ስልክ በአንድ ቅጽበት ብዙ ኃይል የሚስብበት ሥራ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ስልኬም የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነበር፤ ፍላሹ ብልጭ ሲል ስክሪኑ ድርግም ይልና ፎቶውም አይቀመጥም። ማታ ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ ጀርባው እጅ እስከማያስቀምጥ ድረስ ይግላል።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነበር። ስልኩ በጠፋ ቁጥር አራት ነገሮችን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ሲጠፋ ባትሪው ስንት በመቶ ላይ እንደነበር፣ ከመጥፋቱ በፊት ማስጠንቀቂያ ታይቶ እንደሆነ፣ በእጅ ሲዳሰስ የትኛው በኩል እንደሚሞቅ፣ እና ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሲነሳ ስንት በመቶ እንደሚያሳይ። ይህ መዝገብ ከማንኛውም መተግበሪያ በላይ ጠቅሞኛል።

በሙቀት ምክንያት የሚመጣ መዘጋት ደረጃ በደረጃ ነው የሚመጣው። ስልክ በባትሪው ላይና በዋናው ሰሌዳው ላይ የሙቀት መለኪያዎች አሉት፤ ሙቀቱ ሲጨምር መጀመሪያ ሥራውን ያዘገያል፤ ቀጥሎ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፤ ፍላሹን ይከለክላል፤ ቻርጅ መቀበሉን ያቀዘቅዛል ወይም ያቆማል፤ ካሜራውን በማስጠንቀቂያ ይዘጋል። ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው ይህ ሁሉ አልበቃ ሲለው ነው። አይፎን ላይ ከሆነ ስልኩ መቀዝቀዝ እንደሚያስፈልገው የሚናገር ጽሑፍ በጥቁር ስክሪን ላይ ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚጠፋ ስልክ ባትሪው 90 በመቶም ይሁን 20 በመቶ ግድ የለውም፤ ጉዳዩ ከዲግሪው ጋር ነው።

የእኔ ስልክ ግን ማስጠንቀቂያ አልነበረውም። ፍላሹም ብርሃኑም ሙሉ ሆነው እየሠሩ ሳለ በድንገት ይጨልማል። ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚጠፋው ከ45 እስከ 20 በመቶ ባለው መካከል ነው። ቻርጀር ላይ ስሰካው ደግሞ የሚያሳየው ያንኑ ሲጠፋ የነበረውን ቁጥር ነው። 38 በመቶ ላይ ጠፍቶ 37 በመቶ ብሎ የሚነሳ ስልክ ባትሪው አላለቀበትም፤ የሆነ ነገር ለአንድ አፍታ ጎድሎበታል። ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ፍንጭ ነው።

ቀጥሎ ሙቀቱን በቁጥር ለማየት ፈለግሁ። በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ በመደወያው ሰሌዳ የሚከተለው ሲጻፍ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል፤ በውስጡ የባትሪ መረጃ የሚል ክፍል ካለ የባትሪውን ሙቀትና ቮልቴጅ ያሳያል።

```
*#*#4636#*#*
```

ሁሉም ስልክ ላይ አይሠራም፤ በአዳዲሶቹ ላይ የባትሪው ክፍል የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ የባትሪ ሙቀትና ቮልቴጅ የሚያነብ ነፃ መተግበሪያ ማውረድ ይበቃል፤ ሁሉም ቁጥሩን የሚወስዱት ስልኩ ውስጥ ካለው ከዚያው መለኪያ ነው። እኔ ካሜራውን ከመክፈቴ በፊት ሙቀቱን አይ ነበር፤ ስልኩ ጠፍቶ እንደተነሳም ወዲያው አያለሁ። ጠዋት ላይ ከጠፋ በኋላ ያነበብኩት ሙቀት 33 ዲግሪ አካባቢ ነበር። በዚህ ሙቀት ጤነኛ ስልክ አይጠፋም። ባትሪ በሥራ ላይ እያለ 35 ወይም 38 ዲግሪ ቢደርስ የተለመደ ነው፤ ሊያሳስብ የሚጀምረው ወደ 45 ሲጠጋ ነው፤ ቻርጅ ለማድረግም የሊቲየም ባትሪዎች የተለመደው ወሰን ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ነው።

ቮልቴጁን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። መተግበሪያው የሚያሳየው ቁጥር በየጥቂት ሰከንዱ የሚታደስ ስለሆነ ፍላሹ ሲበራ ለቅጽበት የሚወርደውን ቮልቴጅ አይዝም። ካሜራው ተከፍቶ ሳለ ከ3.8 ወደ 3.5 ሲወርድ ካሳየ፣ ፍላሹ ሲበራ የሚወርደው ከዚያ በታች እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ሁለቱን ችግሮች የሚለየው ቁርጥ ያለ ፈተና የመጣው ከፓወር ባንክ ነው። ስልኩ በሚጠፋበት የባትሪ መጠን፣ 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስ፣ በጥላ ሥር ተቀምጬ ፓወር ባንኩን ሰካሁና ካሜራውን ከነፍላሹ ከፈትኩ። አልጠፋም። ነቀልኩት፤ ያንኑ ፎቶ ላነሳ ስል ጠፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፓወር ባንክ ሲሰካ ካሜራው የሚጠይቀውን ኃይል በከፊል ከውጭ ያገኛል፤ ባትሪው ብቻውን አይሸከምም። ችግሩ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ግን ፓወር ባንክ መሰካት ነገሩን ያባብሰው ነበር፤ ቻርጅ ማድረግ ራሱ ተጨማሪ ሙቀት ስለሚያመጣ ስልኩ ቶሎ በማስጠንቀቂያ ይዘጋ ነበር። ሌላ ፈተና ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ይህን አንዱን ብቻ ቢያደርግ ይበቃዋል።

ወሎ ደግሞ ሌላ ፈተና በነፃ ይሰጣል። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ነገር ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣል። ለስብሰባ ደሴ ባደርኩበት ጊዜ ማለዳ፣ የጦሳ ተራራ ገና በጉም ተሸፍኖ ሳለ፣ ስልኩን አውጥቼ ሞከርኩት። በእጄ ቀዝቃዛ ነበር፤ የባትሪው ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ነበር። ቆላ ላይ 40 በመቶ ላይ ይጠፋ የነበረው ስልክ እዚያ 50 በመቶ አልፎ ገና ፍላሹ ሲበራ ጠፋ። ፀሐይ ቢሆን ጥፋተኛው ደሴ ላይ በተሻለው ነበር። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፤ ኃይል መስጠትም ይከብደዋል። የደከመ ባትሪ ያለው ሰው ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ወይም ለላሊበላ ገና ሌሊት ወጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሲል ስልኩ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ስልኩን ከልብስ ሥር፣ ሰውነት አጠገብ አድርጎ ማቆየት ያኔ ይረዳል።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚግለውና ካሜራ ሲከፈት የሚጠፋው አንድ ሥር እንዳላቸው የገባኝ እዚህ ላይ ነውና። እያንዳንዱ ባትሪ በውስጡ ለኤሌክትሪክ ፍሰት እምቢታ አለው፤ የሳይንስ መጻሕፍት ሙግደት የሚሉት ይህንን ነው፤ በኦም ይለካል። ባትሪው ሲያረጅ፣ በተለይም በሙቀት ሲኖር፣ ይህ ሙግደት ያድጋል። ለምሳሌ ያህል አዲስ በነበረበት ጊዜ 0.1 ኦም የነበረ ባትሪ አርጅቶ 0.3 ኦም ሆነ እንበል። ግማሽ አካባቢ የተሞላ ባትሪ ሳይሠራ 3.7 ቮልት ይይዛል። ካሜራው፣ ስክሪኑና ፍላሹ አብረው 2 አምፔር ሲጠይቁ አዲሱ ባትሪ ውስጥ የሚቀረው 2 ሲባዛ በ0.1፣ ማለትም 0.2 ቮልት ነው፤ ለስልኩ 3.5 ቮልት ይደርሰዋል። አሮጌው ውስጥ ግን 0.6 ቮልት ይቀራል፤ ለስልኩ የሚደርሰው 3.1 ቮልት ብቻ ነው። ብዙ ስልኮች ቮልቴጁ ከ3.3 ወይም ከ3.4 አካባቢ በታች ሲወርድ ባትሪው ያለቀ ያህል ቆጥረው ይዘጋሉ። ጭነቱ ሲነሳ ቮልቴጁ ተመልሶ ከፍ ስለሚል ስልኩ ሲነሳ ያንኑ 37 በመቶ ያሳያል።

ውስጥ የቀረው ቮልቴጅ ደግሞ ጠፍቶ አይቀርም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ያው 2 አምፔር በአዲሱ ባትሪ ውስጥ 0.4 ዋት ሙቀት ሲፈጥር በአሮጌው ውስጥ 1.2 ዋት ይፈጥራል። ሦስት እጥፍ ነው። ቻርጅ ሲደረግም ፍሰቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሄድም ሙግደቱ ያው ነው፤ ስለዚህ ማታ 2 አምፔር የሚቀበል አሮጌ ባትሪ አዲስ ሳለ ከነበረው ሦስት እጥፍ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ባትሪውን ይበልጥ ያስረጀዋል፤ እርጅናው ሙግደቱን ይጨምራል፤ ሙግደቱ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ስልክ ለወራት ደህና ሆኖ ቆይቶ ከዚያ በኋላ በፍጥነት የሚበላሽ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የአይፎን ባለቤት የሆነው አፕል እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ባወጣው ማሻሻያ ባትሪያቸው የደከመ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ ሥራቸውን ሆን ብሎ እንዲያዘገዩ አድርጎ ነበር። ተጠቃሚዎች ሳይነገራቸው ስልካቸው በመዘግየቱ ትልቅ ቅሬታ ተነሳ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ከዋስትና ውጭ ለሆኑ ስልኮች የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። የአይፎን ተጠቃሚ ዛሬ በቅንብሮች ውስጥ የባትሪ ጤና የሚለውን ገጽ ሲከፍት የሚያየው መረጃ የዚያ ውጤት ነው። ከ80 በመቶ በታች የወረደ አቅም ካሳየ፣ ወይም ባትሪው የሚፈለገውን ኃይል መስጠት ባለመቻሉ ስልኩ በድንገት እንደጠፋ የሚገልጽ መልእክት ካለ፣ ከላይ የነገርኳችሁ ፈተና ሁሉ አያስፈልግም።

ባትሪውን ከመቀየሬ በፊት ማታ የሚያግለውን ነገር ለማቅለል የተጠቀምኩበት መንገድ አለ፤ ባትሪ ለመቀየር አቅም እስኪገኝ ለሚጠብቅ ሰው ይጠቅማል። ሙቀቱ የሚያድገው በፍሰቱ ልክ ሳይሆን በፍሰቱ ካሬ ነው። ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ያ 1.2 ዋት 0.3 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ፈጣኑን ቻርጀር ትቼ 5 ቮልትና 1 አምፔር የሚሰጥ ደህና ቻርጀር ያዝኩ፤ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ፈጣን ቻርጅን የሚያጠፋ ምርጫ ካለ እሱንም መጠቀም ይቻላል። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ አለ። ሽፋኑን አውልቄ በሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም በጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። በፍራሽ ላይ፣ በትራስ ሥር ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም።

ሙቀቱ የሚሰማበትን ቦታ በእጅ መለየትም መጽሐፍ የማይተካው እውቀት ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ካሜራው ያለበት የላይኛው ክፍል የሚሞቅ ከሆነ የሚሠራው አንጎሉ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ነው፤ መተግበሪያ ከበስተጀርባ እየሮጠ ወይም ኔትወርክ ደካማ ሆኖ አንቴናው እየለፋ ሊሆን ይችላል። የጀርባው መካከል የሚሞቅ ከሆነ ባትሪው ነው። ገመዱ የሚገባበት ጫፍ ብቻ የሚግል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ አቧራ ተጠቅጥቆ ወይም ብረቱ ዝጎ ግንኙነቱ ደካማ ሆኗል። በደረቅ ወቅት በእኛ መንገዶች ላይ የሚሄድ ሰው ስልክ ይህ አያጣውም። ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል፤ መርፌና ሽቦ ግን የውስጡን ብረት ያጣምማሉ። ፕላስቲኩ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ገመድ መጣል አለበት።

ባትሪውን ያስቀየርኩት ኮምቦልቻ ነው። ጠጋኙ ወጣት ነው፤ መዝገቤን ሳሳየው አነበበው፤ እንዲህም አለኝ፦ «ጋሼ፣ ባትሪ ቀይርልኝ ብለው ስለመጡ ብቻ አልቀይርም፤ መጀመሪያ ሰሌዳው ንጹሕ መሆኑን ልይ።» የስልኩን ጀርባ በማሞቂያ አለስልሶ ከፈተ፤ ባትሪውን ነቀለና በእሱ ፋንታ ኃይል ከሚሰጥና ፍሰቱን በቁጥር ከሚያሳይ መሣሪያ ጋር ስልኩን አገናኘ። ስልኩ ጠፍቶ ሳለ መሣሪያው የሚያሳየው ፍሰት ዜሮ ያህል መሆን አለበት። ጠፍቶ እያለ የሚስብ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ሾርት አለ ማለት ነው፤ ያኔ አዲስ ባትሪ ቢገባም እንደገና ይግላል፤ ገንዘቡም በከንቱ ይሄዳል። የእኔ ዜሮ ነበር። ከዚያ ስልኩን አብርቶ ካሜራውን ከነፍላሹ ከፈተ፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ዘለለ፤ ስልኩ ግን አልጠፋም። «አሁን ባትሪው ነው ማለት እችላለሁ» አለኝ። ይህን ፈተና የማያደርግ ጠጋኝ የሚሠራው በግምት ነው፤ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ።

የወጣው ባትሪ መካከሉ በትንሹ አብጦ ነበር። ስልኩ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በጥቂቱ ይወዛወዝ የነበረው ከዚህ የተነሳ ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ነገር አለ፦ ጀርባው ከፍ ካለ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ወይም ከስልኩ እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ነገር ከመጣ ቻርጅ ማድረግ ወዲያውኑ ይቁም። ያበጠ ባትሪ አይጫንም፣ አይበሳም፣ ወደ ቦታው ልመልሰው ተብሎም አይታጠፍም። ውስጡ ከተነካካ በሰከንዶች ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። እስኪቀየር ድረስ ጠፍቶ፣ ከሣር፣ ከአልባሳትና ከልጆች እጅ ርቆ ይቀመጥ።

አዲስ ባትሪ መምረጥ ከመቀየሩ ይልቅ ያስቸግራል። በሳጥኑ ላይ ኦሪጅናል ተብሎ መጻፉ ምንም አያረጋግጥም። ጠጋኙ ሦስት ነገር አሳየኝ። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ስለሚያረጅ የተመረተበት ቀን ከተጻፈበት ቅርብ የሆነው ይመረጣል። ከመግባቱ በፊት በመልቲሜትር ሲለካ ከ3.7 እስከ 3.9 ቮልት ቢያሳይ መልካም ነው፤ ከ3 ቮልት በታች የወረደ ባትሪ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ የቆየ ስለሆነ ርካሽ ቢሆንም አይወሰድም። ከፋብሪካው ባትሪ ጋር እኩል መጠን ኖሮት በሚሊአምፔር ሰዓት እጅግ የሚበልጥ አቅም የተጻፈበት ደግሞ ሊታመን አይገባም፤ አቅም ቦታ ይፈልጋልና።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በስልኩ ውስጥ፣ ከጀርባው ሽፋን ሥርና በሰሌዳው ላይ፣ ስስ ጥቁር ወረቀት የሚመስል ግራፋይት ተለጥፎ ይገኛል። ሥራው ከፕሮሰሰሩ የሚወጣውን ሙቀት በስልኩ ስፋት ላይ ማከፋፈል ነው። ሲከፈት በቀላሉ ይቀደዳል፤ የማይረባ ወረቀት መስሎ የሚጥለውም አለ። ስልክ ከተጠገነ በኋላ ካሜራ ሲከፈት ከቀድሞው ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ የዚህ ወረቀት መጉደል አንዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ሲከፈት አጠገቡ ቆሙ፤ ወረቀቱ ተመልሶ መለጠፉንም እዩ። ውኃ የሚከላከለው ሙጫም ከተከፈተ በኋላ እንደ ፋብሪካው አይሆንም፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን ከዝናብ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሂሳቡን ከመክፈሌ በፊት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሞከርኩት። አዲሱ ባትሪ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ስለመጣ ቪዲዮ እየቀረጽኩና ፍላሹን አብርቼ እስከ 30 በመቶ አወረድኩት፤ ከዚያ ፎቶ ከፍላሽ ጋር ደጋግሜ አነሳሁ። አልጠፋም። ቤት ወስጄም በዚያው ፈጣን ቻርጀር ስሞክረው ጀርባው ሞቅ ከማለት አላለፈም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የባትሪው መቶኛ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ስልኩ አዲሱን ባትሪ ገና አልተላመደውም። አንድ ጊዜ እስከ 100 መሙላትና ከዚያ እስከ 10 አካባቢ መጠቀም ያስተካክለዋል።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ እውነተኛው ሙቀት ነው፤ እሱ ደግሞ በባትሪ መቀየር አይድንም። በበጋ እኩለ ቀን ማሳ ውስጥ ረጅም ቪዲዮ ስቀርጽ ስልኩ አሁንም ብርሃኑን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ካሜራውን በማስጠንቀቂያ ይዘጋዋል። አፕል ስልኮቹን አካባቢው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ በሆነበት ቦታ መጠቀምን ይመክራል፤ ባቲ ወይም ቆቦ ላይ ያለ ፀሐይ ከዚህ ወሰን በቀላሉ ያወጣዋል። ለውጥ ያመጣልኝ ነገር የቪዲዮውን ጥራት መቀነስ ነው። ከ4ኬ ወደ 1080ና በሰከንድ 30 ምስል ሳወርደው ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ሥራ በጣም ቀነሰ፤ ለወረዳ የሚላክ የማሽላ ቪዲዮ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ሁለተኛው፣ በፎቶና በፎቶ መካከል ካሜራውን መዝጋት ነው። ምንም ሳያነሳ ክፍት የተቀመጠ ካሜራ ምስሉን በስክሪኑ ላይ ለማሳየት ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ከገበሬው ጋር እያወሩ በእጅ ክፍት አድርጎ መያዝ ዝም ብሎ ማሞቅ ነው። በማሳው ውስጥ ኔትወርክ ከሌለ ዳታውን አጠፋለሁ፤ ፎቶዎቹን ማታ እልካለሁ።

በመንገድ ላይ ስልክ በባጃጅ ወይም በሚኒባስ መስታወት ሥር ተቀምጦ ቻርጅ ሲደረግ አያለሁ። ፀሐዩ ከላይ፣ ቻርጁ ከውስጥ፣ የመንገድ ጠቋሚው ደግሞ ከመካከል ያሞቁታል። አሽከርካሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት «ቻርጀሩ አይሠራም፣ መቶኛው አይጨምርም» ብለው ነው። ቻርጀሩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ባትሪው 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስልኩ ራሱ አልቀበልም ብሎ ነው። ወደ ጥላ ወርዶ ሲቀዘቅዝ መቶኛው መጨመር ከጀመረ ቻርጀር መግዛት አያስፈልግም።

የጋለን ስልክ ለማቀዝቀዝ ደግሞ ከቻርጀር መንቀል፣ ሽፋኑን ማውለቅ፣ አጥፍቶ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ማኖር ይበቃል። ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ወይም በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ግን ይቅር፤ የጋለ ነገር በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል፤ ያ ጤዛ ሰሌዳው ላይ ካረፈ በኋላ የሚመጣው ብልሽት በባትሪ ዋጋ አይጠገንም። ፓወር ባንክም ከስልኩ ጋር በአንድ ኪስ ውስጥ ተጣብቆ ቻርጅ ማድረግ የለበትም፤ ሁለቱም ይሞቃሉ፤ አንዱ የሌላውን ሙቀት ይይዛል። እኔ ፓወር ባንኩን በቦርሳው ውስጥ፣ ስልኩን በውጭው ኪስ አድርጌ ረዘም ባለ ገመድ አገናኛቸዋለሁ፤ ማሳ ስደርስ ደግሞ ነቅዬ ነው ካሜራውን የምከፍተው።